ፌጆች፦ ስለ ላይቲክና ላይሶጄኒክ ዑደት እና ስለ ፌጅ ሕክምና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ውስጥ አንዲት የ15 ዓመት ታካሚ አንቲባዮቲክ ያልበገረው ባክቴሪያ ሰውነቷን ወርሮት ሳለ ሦስት ዓይነት ፌጅ በደም ሥሯ ተሰጣት። ከሦስቱ ሁለቱ በተፈጥሯቸው ለሕክምና የማይሆኑ ነበሩና መጀመሪያ አንድ ጂን ሊወጣላቸው ግድ ሆነ። የትኛው ጂን? ለምንስ? ይህን ለመመለስ ሁለቱን የፌጅ ዑደቶች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ወደዚያ ጉዳይ የሚወስዱ ናቸው።

ፌጅ ምንድን ነው? ሰውንስ ይይዛል?

ፌጅ፣ ሙሉ ስሙ ባክቴሪዮፌጅ፣ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ አለ፤ በአፈር ውስጥ፣ በወንዝ፣ በፍሳሽ፣ በአንጀታችንም ጭምር። ያለው ነገር የፕሮቲን ሽፋንና በውስጡ የታሸገ ዘረመል ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ባክቴሪያው ላይ የሚጣበቁበት ጅራት አላቸው። ለመባዛት የሚያስፈልገውን የቀረውን ሁሉ ከባክቴሪያው ይወስዳል።

የሰውን ሴል አይዝም። ፌጁ ወደ አንድ ሴል ለመግባት ጅራቱ የሚያውቀውን የተወሰነ ሞለኪውል በሴሉ ገጽ ላይ ማግኘት አለበት፤ የሰው ሴል ላይ ያ ሞለኪውል የለም። ከባክቴሪያዎች መካከልም ቢሆን በጣም ይመርጣል። ላምዳ የተባለው ፌጅ ለምሳሌ የሚጣበቀው ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ማልቶስ የሚባለውን ስኳር በሚያስገባበት የፕሮቲን ቀዳዳ ላይ ነው። ቀዳዳው የተበላሸበት ወይም የጠፋበት ኢ. ኮላይ ቢያገኝ ምንም ሊያደርገው አይችልም። ይህን መራጭነቱን ልብ በሉ፤ የፌጅ ሕክምና ጥቅምም ጣጣም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በላይቲክ ዑደት ውስጥ በትክክል ምን ይሆናል?

ላይቲክ ዑደት ማለት ፌጁ ገብቶ፣ ተባዝቶ፣ ባክቴሪያውን አፈንድቶ የሚወጣበት መንገድ ነው። በደንብ የተጠናው ምሳሌ ኢ. ኮላይን የሚያጠቃው ቲ4 ነው፤ እሱ ከዚህ ሌላ መንገድ አያውቅም።

ቲ4 በጅራቱ ጫፍ ባሉት ቀጫጭን እግሮች ባክቴሪያው ላይ ይቆማል። ከዚያ የጅራቱ ሽፋን ይኮማተርና ውስጠኛው ቱቦ የባክቴሪያውን ግድግዳ ወግቶ ያልፋል። ዘረመሉ በዚያ ቱቦ ይገባል፤ ባዶው ሽፋን ውጭ ይቀራል። ሙቀቱ እንደ ሰው ሰውነት 37 ዲግሪ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የባክቴሪያው ፋብሪካ ለፌጁ መሥራት ይጀምራል። የባክቴሪያው የራሱ ዲኤንኤ እየተቆራረጠ ለአዲሱ የፌጅ ዲኤንኤ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ራሱ፣ ጅራቱና እግሮቹ ለየብቻ ይሠሩና በኋላ ይገጣጠማሉ። ከገባ በ12 ደቂቃ ገደማ የመጀመሪያዎቹ የተሟሉ ፌጆች ውስጥ ውስጡን ይገኛሉ።

መውጫው ሁለት ፕሮቲኖች ይፈልጋል። ሆሊን የሚባለው በውስጠኛው ሽፋን ላይ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ሁለተኛው ኢንዛይም በዚያ ቀዳዳ አልፎ የሴሉን ግድግዳ ይበላዋል። ግድግዳው ሲሳሳ ባክቴሪያው በውስጡ ባለው ግፊት ይፈነዳል። ይህ የሚሆነው በ25 እና በ30 ደቂቃ መካከል ሲሆን ከአንድ ባክቴሪያ ከ100 እስከ 200 የሚደርስ ፌጅ ይወጣል።

ስሌቱን አስቡት። ከአንድ ባክቴሪያ 100 ፌጅ ይወጣል ብንልና እያንዳንዱ አዲስ ባክቴሪያ ቢያገኝ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 100፣ ከሁለተኛው በኋላ 10,000፣ ከአራተኛው በኋላ 100 ሚሊዮን ይሆናሉ። አራት ዙር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ደም የገባ አንቲባዮቲክ ከሰዓት ሰዓት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ፌጅ ግን የሚገድለው ባክቴሪያ እስካለ ድረስ ይጨምራል፣ ባክቴሪያው ሲያልቅ እሱም ያልቃል። የፌጅ ሕክምና ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። ነገር ግን «እያንዳንዱ አዲስ ባክቴሪያ ቢያገኝ» ያልኩት ትልቅ ቅድመ ሁኔታ ነው። ባክቴሪያዎቹ የተበታተኑ ወይም በሞተ ሥጋና በመግል የተከለሉ ከሆነ ስሌቱ አይሠራም።

ላይሶጄኒክ ዑደትስ በምን ይለያል?

እዚህ ላይ ፌጁ ይገባል እንጂ አይገድልም። ምሳሌያችን ላምዳ ነው። አስቴር ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1951 ይፋ ያደረገችው፣ ኬ-12 በሚባለው የኢ. ኮላይ ዝርያ ውስጥ ነው። ያ ዝርያ በየላብራቶሪው ለዓመታት ሲራባ የኖረ ነው፤ በውስጡ ቫይረስ ተሸክሞ እንደሚዞር ግን ማንም አላስተዋለም ነበር። አለማስተዋላቸው አይደንቅም። ላምዳን የተሸከመ ባክቴሪያ ካልተሸከመው ጋር ጎን ለጎን ሲያድግ በዓይን የሚለይ ነገር የለውም።

የላምዳ ዲኤንኤ ሲገባ ሁለቱ ጫፎቹ ተገጣጥመው ክብ ይሆናሉ። ከዚያ ኢንተግሬዝ የሚባል የፌጁ ኢንዛይም ክቡን ከባክቴሪያው ክሮሞዞም ጋር ይቀጥለዋል፤ ያውም በዘፈቀደ ሳይሆን ጋላክቶስን በሚመለከቱት ጂኖችና ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን በሚሠሩት ጂኖች መካከል ባለው አንድ የተወሰነ ቦታ። በዚህ መልክ ክሮሞዞም ውስጥ የገባ ፌጅ ፕሮፌጅ ይባላል። ባክቴሪያው ሲከፈል ፕሮፌጁም አብሮ ይገለበጣል፤ ልጅም የልጅ ልጅም ይወርሱታል።

ፕሮፌጁ ሁሉንም ጂኖቹን አያሠራም። ከሚሠሩት ዋናው ሪፕሬሰር የሚባል ፕሮቲን የሚያመርተው ነው። ሪፕሬሰሩ የላይቲክ ጂኖች መነሻ ላይ ተቀምጦ እንዳይነበቡ ይከለክላል። ፕሮፌጅ በአመድ እንደተዳፈነ ፍም ነው ብንል ሪፕሬሰሩ አመዱ ነው። ይህ ፕሮቲን ሌላም ውጤት አለው። ያንኑ ዓይነት ፌጅ ከውጭ ሁለተኛ ጊዜ ቢገባ፣ ቀድሞ ያለው ሪፕሬሰር የአዲሱንም ላይቲክ ጂኖች ያፍናቸዋል። ስለዚህ ፕሮፌጅ የተሸከመ ባክቴሪያ ከዚያው ፌጅ ጥቃት የተጠበቀ ነው።

ላምዳ የትኛውን መንገድ እንደሚይዝ በምን ይወሰናል?

ላምዳ እንደገባ ወዲያው ሁለት ተፎካካሪ ፕሮቲኖች ይሠራሉ። አንደኛው ያ ሪፕሬሰር ነው። ሁለተኛው ክሮ ይባላል። በአንድ የዲኤንኤ ስፍራ ላይ ይሻማሉ፤ ክሮ ካሸነፈ ላይቲክ፣ ሪፕሬሰሩ ካሸነፈ ላይሶጄኒክ ይሆናል። ሚዛኑን ወደ ሪፕሬሰሩ የሚያደፋው ሦስተኛ ፕሮቲን አለ፤ እሱን ግን የባክቴሪያው ኢንዛይሞች ቶሎ ይሰባብሩታል።

ባክቴሪያው ጠግቦ በፍጥነት እያደገ ከሆነ እነዚያ ኢንዛይሞች በብዛት ስላሉ ሦስተኛው ፕሮቲን አይበረክትም፤ ፌጁ ወደ ላይቲክ ያዘነብላል። ባክቴሪያው ከተራበ ግን ኢንዛይሞቹ ይቀንሳሉ። አንድ ባክቴሪያ ውስጥ ብዙ ፌጆች በአንድ ጊዜ ከገቡም ፕሮቲኑ ይበዛል። በሁለቱም ሁኔታ ላይሶጄኒ ያይላል። ለፌጁ የሚያዋጣውም ይሄው ነው። የተራበ ባክቴሪያ ብዙ ፌጅ ሊያመርት አይችልም። ለአንድ ባክቴሪያ ብዙ ፌጅ መድረሱ ደግሞ ውጭ ያልተያዘ ባክቴሪያ እየጠፋ መሆኑን ያመለክታል። እንዲህ ባለ ጊዜ አድብቶ መቆየት ይሻላል።

እንዲህ ሁለቱንም መንገድ መከተል የሚችሉ ፌጆች ቴምፐሬት ይባላሉ። «ላይሶጄኒክ ፌጅ» ሲባል ብዙ ጊዜ እነሱን ለማለት ነው። ሁሌ ተደብቀው የሚኖሩ ይመስላል እንጂ፣ ምቹ ሁኔታ ካገኙ እነሱም ያፈነዳሉ።

የተደበቀው ፌጅ ምን ሲሆን ይነሳል?

አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያው ዲኤንኤ ሲጎዳ ነው። አንድሬ ሎፍ ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ፕሮፌጅ በተሸከሙ ባክቴሪያዎች ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር አሳረፈ። ሁሉም ማለት ይቻላል በአንድ ጊዜ ፈነዱና ፌጅ ወጣ። ጨረሩ ዲኤንኤውን ሲጎዳ ባክቴሪያው የጥገና ሥርዓቱን ያስነሳል፤ የዚያ ሥርዓት ዋና ፕሮቲን ሪፕሬሰሩ ራሱን በራሱ እንዲቆርጥ ያደርገዋል። ሪፕሬሰሩ ሲያልቅ ፕሮፌጁ ከክሮሞዞሙ ተቆርጦ ይወጣና ላይቲክ ዑደቱን ይጀምራል።

ይህ ለሐኪምም የሚተርፍ ነገር ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሚያስከትሉት የኢ. ኮላይ ዓይነቶች አንዱ ኦ157 ነው። ሺጋ የተባለውን መርዝ የሚያመርትበት ጂን የባክቴሪያው የራሱ አይደለም፤ ፕሮፌጅ ውስጥ ነው ያለው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የመሳሰሉ ዲኤንኤን የሚጎዱ አንቲባዮቲኮች ፕሮፌጁን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ፤ ያኔ ፌጁ ሲባዛ መርዙም በብዛት ይመረትና ባክቴሪያው ሲፈነዳ ይፈስሳል። መርዙ ኩላሊትን ነው የሚጎዳው። ሐኪሞች እንዲህ ዓይነት ኢንፌክሽን ሲጠረጥሩ አንቲባዮቲክ ለማዘዝ የሚያመነቱት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ከአብሽ ቡቃያ ጋር የተዛመተውና ከ50 በላይ ሰው የገደለው ኢ. ኮላይም ይህንኑ መርዝ በፕሮፌጅ የተሸከመ ነበር።

ብቸኛው ምሳሌ ይህ አይደለም። ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያ መርዙን ያገኘው ከፌጅ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያም አተት የሚያስከትለውን መርዙን ያገኘው ከፌጅ እንደሆነ ዋልዶርና መካላኖስ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳይተዋል። የኮሌራው ፌጅ እንዲያውም ባክቴሪያውን ሳያፈነዳ የሚወጣ ቀጭን ክር መሰል ፌጅ ስለሆነ ከሁለቱ ዑደቶች በአንዱም በደንብ አይመደብም።

ታዲያ ለሕክምና ቴምፐሬት ፌጅ የማይፈለገው ለምንድን ነው?

በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሁሉንም አይገድልም፤ ከገባባቸው ባክቴሪያዎች ከፊሎቹ ፕሮፌጅ ተሸክመው በሕይወት ይቀራሉ። ሁለተኛ፣ የቀሩት ከላይ እንዳየነው ከዚያው ፌጅ የተጠበቁ ናቸው። ሁለተኛ ዶዝ ቢሰጥ አይነካቸውም፤ በሌላ አነጋገር ሕክምናው ራሱ መድኃኒቱን የማይፈራ ባክቴሪያ እያራባ ነው። ሦስተኛ፣ ከክሮሞዞም ተቆርጦ ሲወጣ የባክቴሪያውን ጂን አብሮ ይዞ ሊወጣና ወደ ሌላ ባክቴሪያ ሊያሻግር ይችላል፤ መርዝ ወይም አንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን ሊሆን ይችላል።

የሕክምናው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፌሊክስ ዴሬል ፌጅን እ.ኤ.አ. በ1917 ፓሪስ ውስጥ ከደም ተቅማጥ ታማሚዎች ሰገራ አግኝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕፃናት ላይ ሞክሮታል። ላይሶጄኒ በሚገባ የተብራራው ግን ከዚያ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ የተመረቱት ብዙዎቹ የፌጅ መድኃኒቶች ውስጣቸው ምን እንዳለ ሳይታወቅ የተሸጡ ናቸው። የዚያን ዘመን ውጤት አንዴ ተአምር አንዴ ከንቱ መሆኑ ከዚህ ጋር ብዙ የሚያያዝ ይመስለኛል።

ያገኘሁት ፌጅ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት አውቃለሁ?

መጀመሪያ በዓይን። ፌጁንና ባክቴሪያውን አጋር በሚባለው እንደ ጄል በሚረጋ ለስላሳ ማሳደጊያ ቀላቅላችሁ ፔትሪ ሳህን ላይ አፍስሱና ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድሩት። ባክቴሪያው አድጎ ሳህኑን በደብዛዛ ስስ ሽፋን ይለብሰዋል። አንድ ፌጅ ያረፈበትና ዙሪያውን የገደለበት ቦታ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል፤ ፕላክ ይባላል። የላይቲክ ፌጅ ፕላክ ጥርት ያለ ነው፤ ሳህኑን ወደ ብርሃን ብታነሱት በዚያ በኩል ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። የቴምፐሬት ፌጅ ፕላክ ግን መሃሉ ጭጋጋማ ነው። ጭጋጉ ፕሮፌጅ ተሸክመው የተረፉና እንደገና ያደጉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከመሃሉ በመርፌ ነካ አድርጋችሁ ብታሳድጉትና ያንኑ ፌጅ ብትጨምሩበት ፕላክ አይሠራም፤ ነገሩ የሚረጋገጠው በዚህ ነው።

ጥርት ያለ ፕላክ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የቴምፐሬት ፌጅ ሪፕሬሰር በአጋጣሚ ሲበላሽ ፕላኩ ይጠራል፤ የተቀሩት ጂኖቹ ግን እዚያው አሉ። ስለዚህ ለሰው የሚሰጥ ፌጅ ሙሉ ዘረመሉ ይነበባል። የሚፈለጉት ኢንተግሬዝ፣ ሪፕሬሰር፣ የመርዝ ጂን እና አንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን ናቸው።

ያው ሳህን ለመቁጠሪያም ያገለግላል። ፈሳሹን ሚሊዮን ጊዜ አቅጥናችሁ ከዚያ 0.1 ሚሊ ሊትር ብታፈሱና 45 ፕላክ ብትቆጥሩ፣ በቀጠነው አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 450፣ በመጀመሪያው ደግሞ 450 ሚሊዮን ፌጅ አለ ማለት ነው። አንድ ቢሊዮን ፌጅ የሚጠይቅ ዶዝ ለመስጠት ከዚህ ፈሳሽ 2.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋል።

የለንደኗ ታካሚ ጉዳይ እንዴት ነበር?

ልጅቷ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በዘር የሚወረስ የሳንባ ሕመም ነበረባት። ሁለቱም ሳንባዎቿ በንቅለ ተከላ ተቀየሩ። ለዓመታት ይዟት የነበረው ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ፣ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነው፣ ግን አልለቀቃትም። አዲሱን ሳንባ ሰውነቷ እንዳይገፋው የሚሰጣት መድኃኒት የመከላከል አቅሟን ስላዳከመው ኢንፌክሽኑ ወደ ቀዶ ሕክምናው ቁስል፣ ወደ ጉበቷና ወደ ቆዳዋ ተዛመተ። አንቲባዮቲኮቹ አልሠሩም።

የግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ሐኪሞች ባክቴሪያዋን ወደ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ግራሃም ሃትፉል ላኩ። የእሱ ላብራቶሪ ተማሪዎች ከየቦታው አፈርና ብስባሽ የለዩአቸው ከ10,000 በላይ ፌጆች አሉት። ፍለጋው ወራት ወሰደ፤ በዚያው ጊዜ ባክቴሪያው የተላከ ሌላ ታካሚ የሚሆን ፌጅ ሳይገኝለት ሞተ። ለልጅቷ ባክቴሪያ የሚሆኑት ሦስት ብቻ ተገኙ። መዲ የተባለው ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ ከበሰበሰ ደበርጃን ሥር የተገኘ ነው፤ ባክቴሪያዋን በሚገባ ይገድል ነበር። ቢፒስ እና ዞዪ-ጄ የተባሉት ግን ቴምፐሬት ነበሩ።

ሁለቱን ለማስተካከል የሃትፉል ቡድን የሪፕሬሰሩን ጂን አወጣ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የፌጁ ዲኤንኤ፣ ሪፕሬሰሩ ከጎደለበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ጋር ሆኖ በኤሌክትሪክ ምት ወደ ባክቴሪያ እንዲገባ ይደረጋል። እዚያ ሁለቱ ሲጣመሩ ከሚወጡት ፌጆች መካከል ጂኑ የጎደላቸው ተለይተው ይወሰዳሉ። ሪፕሬሰር የሌለው ፌጅ መደበቂያ የለውም፤ በገባበት ሁሉ ያፈነዳል። ቢፒስ ከዚህ በኋላም የልጅቷን ባክቴሪያ በደንብ ስላልያዘ፣ በእሷው ባክቴሪያ ላይ ፕላክ የሠራ የተለወጠ ዘሩ ተመርጦ ተወሰደ።

ሕክምናው የተጀመረው በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከእያንዳንዱ ፌጅ አንድ ቢሊዮን በየ12 ሰዓቱ በደም ሥር፣ በተጨማሪም ቁስሉ ላይ ይቀባ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ላብና የፊት መቅላት ካልሆነ በቀር የጎላ ጉዳት አልታየም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከሆስፒታል ወጥታ ሕክምናውን ቀጠለች። በስድስት ሳምንት ውስጥ በጉበቷ ላይ የነበረው ኢንፌክሽን በምስል ሲታይ በእጅጉ ቀንሷል፤ የቀዶ ሕክምናው ቁስልም እየደረቀ ሄደ። ሙሉ በሙሉ ዳነች ግን አይባልም፤ ከቆዳዋ እብጠቶች ባክቴሪያው ይገኝ ነበር። ደግሞም አንድ ታካሚ አንድ ነው፤ ያለ ፌጁ ምን ይሆን እንደነበር የሚያሳይ ማነጻጸሪያ የለም። ይህንን ራሳቸው ሐኪሞቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጽሑፍ ላይ በግልጽ አስቀምጠውታል።

አንድ ጥሩ ፌጅ ካለ ሦስት ለምን ይደባለቃል?

ባክቴሪያው ፌጅንም ስለሚላመድ ነው። ቀላሉ መላመጃ ፌጁ የሚጣበቅበትን ሞለኪውል መለወጥ ወይም መጣል ነው። ከ10 ሚሊዮን ባክቴሪያ አንዱ ለአንድ ፌጅ እንዲህ ተለውጦ ይገኛል ብለን እናስብ። አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ባለበት ቁስል ውስጥ ወደ 100 የሚሆኑ ከመጀመሪያው አምላጮች አሉ። ሦስቱን ፌጆች በአንድ ጊዜ ለማምለጥ ግን ሦስት ለውጦች በአንድ ባክቴሪያ መገናኘት አለባቸው፤ ያ ከማይታሰብ ይቆጠራል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ሦስቱ ፌጆች የተለያየ መግቢያ ካላቸው ብቻ ነው። ሦስቱም በአንድ በር የሚገቡ ከሆኑ ሦስት ማለት አንድ ነው፤ ድብልቅ ሲዘጋጅ የሚሠራ ትልቅ ስሕተትም ይኸው ነው።

ይህን ያህል የሚሠራ ከሆነ በየሆስፒታሉ ለምን የለም?

ብዙ ጊዜ ስለማይሠራ ነው፤ ምክንያቶቹም የታወቁ ናቸው። የፒትስበርጉ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 የ20 ታካሚዎችን ውጤት ሲያወጣ መሻሻል የታየው በ11ዱ ነበር። ቀድሞ ሕክምና ላጡ ሰዎች ይህ ብዙ ነው፤ ግን ዘጠኙ አልቀናቸውም።

አንዱ እንቅፋት የመከላከል አቅማችን ነው። እነዚያው ሦስት ፌጆች ለአንድ የ81 ዓመት የሳንባ ታካሚ በደም ሥር ሲሰጡ በመጀመሪያው ወር የአክታው ባክቴሪያ ቀነሰ። በሁለተኛው ወር ግን ሰውነቱ ፌጆቹን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ አመረተና ባክቴሪያው ተመለሰ። የለንደኗ ልጅ ይህ ያልደረሰባት የመከላከል አቅሟ በመድኃኒት ስለተዳከመ ይመስላል።

ሌላው ዝግጅቱ ነው። ፈረንሳይና ቤልጅየም ውስጥ በተቃጠለ ቁስል ላይ 12 ፌጆች ያሉት ድብልቅ ተሞክሮ ነበር። የታሰበው በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊዮን ፌጅ ነው። ፌጆቹ ግን በማቆያ ጊዜ እየሞቱ ታካሚው ጋ ሲደርሱ ከ100 አይበልጡም ነበር። ከተለመደው የብር ቅባት ዘግይቶ መሥራቱ አያስገርምም። ከላይ ያየነው የፕላክ ቆጠራ በምርት ቀን ብቻ ሳይሆን ከመስጠታቸው በፊትም መደገም አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ያ መራጭነቱ ነው። ለአንዷ ታካሚ ባክቴሪያ የሠራ ፌጅ ለሌላው ታካሚ፣ በስም አንድ በሆነ ባክቴሪያ ላይ፣ ጭራሽ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ አምርቶ ለሁሉም ሊያከፋፍለው ይቸገራል።

አንቲባዮቲኩ ይቋረጣል?

በአብዛኛው አይቋረጥም፤ አብረው ይሰጣሉ። ፌጁን ለማምለጥ ገጹን የለወጠ ባክቴሪያ አንዳንዴ ለአንቲባዮቲኩ ይጋለጣል፤ ይህ ግን በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ በላብራቶሪ መሞከር አለበት።

ፋርማሲ ይሸጣል? ከወንዝ ወይም ከፍሳሽ ያገኘሁትን ብጠቀምስ?

ጆርጂያ ውስጥ የፌጅ ድብልቅ በፋርማሲ ይሸጣል፤ ትብሊሲ ያለው የኤሊያቫ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ ነው። በአሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ ግን ሌላ አማራጭ ላጣ ታካሚ በልዩ ፈቃድ ወይም ለዚያ ሰው ብቻ ተዘጋጅቶ ነው የሚሰጠው። ከፍሳሽ የተለየ ያልተጣራ ፌጅ ከፈነዱት ባክቴሪያዎች የተረፈ መርዛማ ቅሪት ይዞ ይመጣል። ያ ቅሪት ደም ውስጥ ከገባ ብቻውን ከፍተኛ ትኩሳትና የደም ግፊት መውደቅ ሊያመጣ ይችላል። በዚያ ላይ ቴምፐሬት ይሁን ላይቲክ አይታወቅም። አትሞክሩት።

ለታመመ ዘመዳችሁ ስትጠይቁ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የታካሚው ባክቴሪያ ራሱ ነው። የምርመራ ውጤቱ ወረቀት አይበቃም፤ ፌጅ የሚፈለገው በሕይወት ባለው ባክቴሪያ ላይ ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች ውጤቱን ከጻፉ በኋላ ባክቴሪያውን ይጥሉታል። ሐኪሙ አስቀድሞ ላብራቶሪውን ካሳሰበ ግን ግሊሰሪን ተቀላቅሎበት በ−80 ዲግሪ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። በሕክምናው መካከል የሚወሰደውም ናሙና እንዲሁ መቀመጥ አለበት፤ ፌጁ መሥራት ካቆመ ባክቴሪያው ተለውጦ ይሁን ወይስ አንቲቦዲ ከልክሎት የሚለየው የፊተኛውንና የኋለኛውን ባክቴሪያ ከዚያው ፌጅ ጋር ጎን ለጎን በሳህን ላይ በመፈተን ነው።